የዳኜ ጎሚስታ ማስመሰል

በደርግ ጊዜ ከመካኒሳ አቦ ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ በአሮጌ ቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ክፍል ጎማ የሚጠግን ዳኜ የሚባል ጎሚስታ ነበር። የማወራው ስለ እርሱ ነው። ነገሩ የመኝታ ነገር ስለሆነ የሚያፍር ሰው ካለ ከአሁኑ ሌላ ነገር ያንብብ። ዳኜ ራሱ «ንገራቸው፣ የሚማር ካለ ይማር» ብሎ ፈቅዶልኛል። ሚስቱ አረጋሽም ፈቅዳለች፤ እንዲያውም ከእርሱ ቀድማ።

እኔ ወጋየሁ እባላለሁ። በዚያን ዘመን የምነዳው ውይይት ታክሲ ነበር። አዲስ ጎማ በስም እንጂ በዓይን የማይታይበት ጊዜ ስለነበር በጥጋን ላይ ጥጋን እየደረብን ነበር የምንሠራው፤ ከመንገድ ይልቅ ዳኜ ደጅ የምውልበት ቀን ይበዛል። ሌላው ጎሚስታ በመዶሻ እየወቀጠ፣ እየተሳደበ የሚታገለውን የጭነት መኪና ጎማ ዳኜ በአንድ ብረትና በመዳፉ ከቸርኬው ይፈለቅቀዋል። ሰላም ሲልህ ከጨበጠህ ጣቶችህ መኖራቸውን ማረጋገጥ ያምርሃል። ጠባዩ ግን የእጁ ተቃራኒ ነው። አፋር ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ማንም ምንም ቢናገር «ልክ ነው» ይላል። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም፤ የተስማማነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ዕድሜው ሠላሳን ካለፈ በኋላ አረጋሽን ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ሆንኩ። የእኛ አገር ሚዜ ሱፍ ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ጠግቦ በልቶ የሚለያይ አይደለም። ለሙሽራዋ ወንድም ይሆናል። ባል የበደላት እንደሆነ አቤት የምትለው ለእርሱ ነው። አረጋሽ የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ለነገር መልስ የማታጣ ሴት ናት። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ሚዜዬ» እንጂ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

የገቡት ወደ ዳኜ የቀበሌ ቤት ነው። ቤት ስል አንድ ክፍል ማለቴ ነው። መሀሉ ላይ አቡጀዲ መጋረጃ ተጋርዷል፤ በወዲህ የሙሽሮቹ አልጋ፣ በወዲያ የእናቱ የእማማ ገበያነሽ መደብ። እማማ ገበያነሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ግን የአይጥ ኮቴ እንኳ ይቀሰቅሳቸዋል። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ አንዴ ይስሉና «ዳኜ፣ በሩን ቀርቅረሃል?» ይላሉ። ዳኜ «አዎ እማዬ» ይላል። እንግዲህ ሙሽርነት እንዲህ ነው።

አንድ ዓመት አለፈ፤ ልጅ የለም። ሁለተኛውም አለፈ። የጎረቤት ሴቶች በመጀመሪያ የአረጋሽን ሆድ በዓይናቸው ይለኩ ነበር፤ በኋላ በአፋቸው። ጸበል ተሄደ፣ ስለት ተሳለ። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ሐኪሙ «መጀመሪያ ባልየው ይመርመር» አለ። ይህ ለሰፈራችን ወንዶች ትልቅ ስድብ ነበር። ዳኜ ግን «ልክ ነው» ብሎ ተነሣ። ላቦራቶሪ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የላቦራቶሪው ሰው አንዲት ብልቃጥ ሰጥቶ መጸዳጃ ቤቱን አመለከተው። እኔ ውጭ ቆሜ የለኮስኳትን ሲጋራ ሳልጨርስ ሥራውን ጨርሶ መጣ።

ውጤቱ ግሩም ነበር። ዘሩ ብዙ ነው፣ ሕያው ነው፣ ፈጣን ነው ተባለ። እማማ ገበያነሽ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ የልጃቸውን ዘር እንደ አብዮት በዓል ዜና አሠራጩት። ከዚያ ቀን ወዲያ የጥፋቱ ባለቤት ታወቀ፦ አረጋሽ። እኔም ከአወቁት አንዱ ነበርኩ። ብልቃጡን አይተን ስለ አልጋው ማናችንም አልጠየቅንም።

ቀጥሎ የአረጋሽ ተራ መጣ። ቀለም በማህፀን ውስጥ ተገፍቶ የሚነሣ ራጅ አለ፤ ቱቦዎቹ ክፍት ይሁኑ ዝግ የሚታይበት። ጩኸቷ እኔና ዳኜ የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ድረስ ይሰማል። ዳኜ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው ብዬ አዘንኩለት። ጎብጣ፣ ሆዷን ይዛ ወጣች። ማህፀኗ ጤነኛ፣ ቱቦዎቹ ክፍት ሆነው ተገኙ። እማማ ገበያነሽ ግን አልተዋጠላቸውም፤ «ራጅ ሁሉን ያያል እንዴ?» አሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት አረጋሽ መካኒሳ ላይ ታክሲዬን አስቁማ ጋቢና ገባች። የምትሄድበት ኖሯት ሳይሆን እኔን ለማነጋገር ነው።

«ሚዜዬ፣ እማማ አጎቱን አቶ ከበበውንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ሊያስቀምጡ ነው። ወደ ወላጆቼ ሊመልሱኝ።»

«ዳኜስ ምን አለ?»

«ዳኜ ምን ይላል ብለህ ነው? ልክ ነው ይላላ።» ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «እኔ እኮ እወደዋለሁ። ልጅ ባልወልድም ከእርሱ ጋር ብሆን ይበቃኝ ነበር። ግን ማታ ማታ እንደ ዕዳ ነው የሚቀርበኝ። ከጨረሰም በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው የሚያዞረው።»

ደሜ ፈላ። ተሳፋሪዎቼን ካወረድኩ በኋላ በቀጥታ ዳኜ ዘንድ ሄድኩ። ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሟል፤ አጠገቡ የውሃ ጠርሙስ አለ። ሰሞኑን ምላሱ ከላንቃው እየተጣበቀ በየደቂቃው ውሃ ይጎነጭ ነበር። ሚዜነቴን አስታወስኩት፣ ወንድነቱን ሰደብኩ፣ ሌላ ሴት ይዘህ እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከመኪናው ሥር አልወጣም፤ ይህን ነገር ፊቴን እያየ ሊናገረው አይችልም ነበር።

«ወጋየሁ፣ እኔ ከአረጋሽ ጋር አንድም ቀን ጨርሼ አላውቅም።»

«ምን?»

«ዘሬ አይፈስም። ከእርሷ ጋር ስሆን አይፈስም። ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ጉልበት አለኝ፣ ፍላጎት አለኝ። እስኪያልበኝ፣ እርሷም እስኪደክማት ድረስ እቆያለሁ፤ አይመጣም። መጀመሪያ ሌሊት አፈርኩና የጨረስኩ መሰልኩ። ትንፋሼን ያዝ አድርጌ፣ አቃስቼ ተነሣሁና ታጠብኩ። እርሷ ከእኔ በፊት ወንድ አታውቅም፤ እንደዚህ ነው ብላ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ መናገሪያው ጠፋኝ።»

«ታዲያ ያ ብልቃጥ?»

«ለብቻዬ ሲሆን ቶሎ ነው። ነበር። ራጁን ከተነሣች ወዲህ ልቤ እየዘለለ እንቅልፍ ስላጣሁ ሐኪም የጭንቀት ክኒን አዞልኝ ነበር። እርሱን ከጀመርኩ በኋላ ለብቻዬም እምቢ አለኝ። ደርቄያለሁ መሰለኝ።»

እኔ ዕዳዬ ሆኖ ሳቅ መጣብኝ። «ዳኜ፣ ጠጅ ቤት ገብተህ ይህን ብትናገር ወንዶቹ ሁሉ እግርህን ይስማሉ፤ ቶሎ አለቀብኝ እያለ የሚያለቅሰው ነው እኮ የሞላው፤ ለእኔም ከዚህ በሽታ ትንሽ አካፍለኝ» አልኩት። ከመኪናው ሥር ተስቦ ወጣና አየኝ።

«አንተ ጎማ ስነፋ አይተኸኛል» አለ። «ሲሞላ ታቆማለህ። የማይሞላ ጎማ ሌሊቱን ሙሉ መንፋት ምን ደስታ አለው? እርሷስ ምን በደለች?»

እንደዚያ ያለ ብቸኝነት በሰው ፊት ላይ አላየሁም። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ዶክተር ዲንሳ ወደሚባል ሐኪም ወሰድኩት። ደንበኛዬ ነው፤ ጎልማሳ፣ ነገር የማያስፈራው ሰው። እኔ ልወጣ ስል ዳኜ «ሚዜዬ ነው፣ ይስማ» ብሎ ያዘኝ። እጄን የያዘበት ቦታ ለሳምንት ያህል አመመኝ።

ዶክተሩ ድምፁ ትልቅ ስለነበር ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ጥያቄው ብዙ ነው። ከመቼ ጀምሮ? ጠዋት ስትነቃ ይቆማል? አረቄ ትጠጣለህ? ወገብህን ተመትተህ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ታውቃለህ? ውሃ ጥም አለብህ? ዳኜ ውሃ ጥም ሲባል ደነገጠና አዎ አለ። ሐኪሙ ሽንቱንና ደሙን ለስኳር አስመረመረ፤ ስኳር የለበትም። የእግሩን ስሜት በመርፌ ጫፍ ነካክቶ ሞከረ፤ ነርቩም ደህና ነው። ክኒኑን ሲያሳየው አገላብጦ አየና «ኢሚፕራሚን» አለ። «አፍህን ያደረቀው ይህ ነው። ለጭንቀትና ለድብርት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በብዙ ወንዶች ላይ መጨረሻውን ያዘገያል ወይም ያግደዋል። አልደረቅህም። የዘርህ ፋብሪካ አልተዘጋም።»

«ታዲያ ክኒኑን ልተወው?»

«በራስህ እንዳትነካው። በአንድ ጊዜ ሲተው ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጭንቀቱም ይመለሳል። ካዘዘልህ ሐኪም ጋር ተነጋግረን ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን። ግን ክኒኑ የመጣው ከችግሩ በኋላ ነው፤ የጨመረበት እንጂ የጀመረው አይደለም። ለብቻህ ስትሆን እንዴት ነው የምታደርገው?»

ዳኜ ጣሪያውን አየ። ከዚያም ተናገረ። ከማግባቱ በፊት ብዙ ዓመት ከሌሎች ወጣቶች ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር፤ የቤት ለቤት አሰሳ በሚባለው ጊዜ፣ በር በማንኛውም ሰዓት በሚደበደብበት ዘመን። ሰው ሳይነቃ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ አጥብቆ ጨብጦ፣ ቶሎ። ከአሥራዎቹ ዕድሜው ጀምሮ የለመደው ይህን ብቻ ነው።

ዶክተር ዲንሳ የዳኜን እጅ ይዞ ወደ መብራቱ አዞረው፤ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። «ይህ የጎሚስታ እጅ ነው» አለ። «ሰውነትህን ለዓመታት በዚህ አጨባበጥ ብቻ አስተምረኸዋል። የማንም ሴት ገላ እንደዚህ አይጨብጥም፤ ሊጨብጥም አይገባውም። ሚስትህ ጎድላ አይደለም፤ አንተ ሌላ ቋንቋ ለምደህ ነው። በዚያ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ እናትህ አሉ። አንዱ ጆሮህ ሳላቸውን ይጠብቃል፣ ሌላው ዛሬስ ይመጣ ይሆን እያለ ራስህን ይጠብቃል። ሰው ራሱን እየጠበቀ አይጨርስም።»

መድኃኒት የሚያዝለት መስሎኝ ነበር። የሰጠው የቤት ሥራ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ያን የድሮ ልማድ ፈጽሞ መተው። ከዚያ በኋላ ለብቻውም ቢሆን በጀርባው ተኝቶ፣ እጁን አለስልሶ፣ ቅባት ተጠቅሞ፣ ሳይቸኩል። ከሚስቱ ጋር ደግሞ መጀመሪያ መጨረስን ከነአካቴው ረስተው መተሻሸትና መጫወት ብቻ፤ የሚወደውን በአፉ መንገር፣ የእርሷንም መስማት። «ሁሉም ሰው አይድንም፣ ጊዜም ይወስዳል» አለ ዶክተሩ፤ «አንተ ግን ለብቻህ ይሆንልህ ስለነበር ተስፋህ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ሚስትህ ሳታውቅ አይሠራም።»

ዳኜ ከራጅ የሚብስ ነገር የታዘዘለት መሰለ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አረጋሽን ይዟት ወጣ፤ ቤት ውስጥ መጋረጃው አለ። የትኛው መንገድ ላይ እንደነገራት አላውቅም። ተናግሮ ሲጨርስ ያለችው ይህን ብቻ ነው አለኝ፦ «ራጁ ላይ ተኝቼ ስጮህ አንተ በሩ ላይ ነበርክ። እያወቅህ።»

በማግስቱ የስፌት መኪናዋን አስጭና ብስራተ ገብርኤል እህቷ ጸሐይወርቅ ዘንድ ገባች። ያጓጓዝኩላት እኔ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሚዜዬ» ሳትለኝ ወረደች። እማማ ገበያነሽ ራሷ ሄደችልኝ ብለው ደስ አላቸው።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ዳኜ ድንጋይ ቀለለበት መሰለኝ፤ አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ትከሻው ላይ አድርጎ ከመካኒሳ ብስራተ ገብርኤል በእግሩ ሄደ። በታክሲ ላድርስህ ስለው እምቢ አለ። እኔ ከኋላው ቀስ እያልኩ እየነዳሁ ተከተልኩት። መንገደኛው ሁሉ «ወንድም፣ መኪናህ የት ቆመ?» ይለዋል። ጸሐይወርቅ በሩን ስትከፍት ሳቋ አመለጣት፤ አረጋሽ ግን አልሳቀችም። ጎማውን ተሸክሞ እንደ ጎበጠ አየችው።

«አውርደው» አለች። «እዚህ፣ በእህቴ ደጅ ይቅር ብልህ ማን ይሰማል? እኔን መካን ያለኝ የስኳር ሰልፉ ሁሉ ነው። ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ። እኔም እመጣለሁ። እዚያ ትናገራለህ።»

«አረጋሽ፣ እናቴ ፊት?»

«እናትህ ፊት።»

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አቶ ከበበው በመሀል። አረጋሽ በሩ አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ። አቶ ከበበው ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን ከሩቅ ጀመሩ፤ ትዳር ፍሬ ሲያጣ፣ የአባት ስም ሲቋረጥ፣ የመሳሰለውን። እንግዲህ በሐኪም ተረጋግጧል፣ ጉድለቱ ከልጃችን አይደለም አሉና ወደ ዳኜ ዞሩ። ሁላችንም የለመድነውን ቃል ጠበቅን።

«ልክ አይደለም» አለ ዳኜ። «ጉድለቱ የእኔ ነው። ከአረጋሽ ጋር ስተኛ ዘሬ አይወጣም። ከሠርጋችን ሌሊት ጀምሮ አንድም ቀን አልወጣም። የወጣ እያስመሰልኩ አታለልኳት። እርሷ ምንም የላትም። በእኔ ዝምታ ነው የተሰደበችው፣ የተጎዳችው።»

አቶ ከበበው ስለ ብልቃጡ ጠየቁ። ዳኜ እጁን አንሥቶ አሳያቸው። ሽማግሌዎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ የሚያዩት ነገር አገኙ። ከዚያ ዶክተሩ ያለውን ነገራቸው፤ ስለ ልማዱ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ መጋረጃውም። እማማ ገበያነሽ እስከዚያ ድረስ እንደ ሐውልት ተቀምጠው ነበር።

«የእኔ ሳል ነው?» አሉ።

«እርሱም አለበት፣ እማዬ።»

«እኔ ሳል የለብኝም፤ ብርድ ነው» አሉና ተነሡ። ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ መደባቸውን ነቅለው፣ ፍራሻቸውን አዝለው፣ ጓሮ ወዳለችው ማጀት ገቡ። ሲመለሱ አረጋሽ ፊት ቆሙ። ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሳሙ። አማት የምራቷን ጉልበት ስትስም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አረጋሽ አነሣቻቸውና ሁለቱም አለቀሱ። እኔም፣ መደበቅ ምን ያደርጋል፣ አለቀስኩ። የስፌት መኪናዋን ወደ ዳኜ ቤት የመለስኩላትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ነገሩ በአንድ ሌሊት ተስተካከለ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልተስተካከለም። ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ሲቀነስ የልብ ምቱ አንዳንድ ጊዜ ይመለስ ነበር፤ ዶክተሩ እየጠራ ያነጋግረዋል። ወራት አለፉ። አንዳንድ ቀን ዳኜ ተስፋ ቆርጦ ሲመጣ ጎማዬን በጥፊ እየመታ ይነፋልኛል። ግን ቤታቸው ሳቅ ይሰማ ጀመር። ማስመሰል በሌለበት አልጋ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አንድ ማለዳ አረጋሽ ታክሲዬን አስቁማ ጋቢና ገባች።

«ሚዜዬ፣ ዳኜ ትናንት አለቀሰ።»

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ጨረሰ» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከሻሿ ሥር ትስቅ ነበር።

በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደች። ጥየቃ የመጡት የስኳር ሰልፍ ሴቶች ገንፎውን እየበሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ እንኳን ማህፀንሽ ተከፈተ» አሏት። እማማ ገበያነሽ ሕፃኗን ታቅፈው ከጥግ ተቀምጠው ነበር።

«ማህፀኗስ ዱሮም ክፍት ነበር» አሉ። «ተዘግቶ የኖረው የልጄ አፍ ነው።»

ዳኜ በሩ ላይ ቆሞ ሰማቸው፤ አላፈረም፤ ገብቶ ከአረጋሽ ጎን ተቀመጠ።